ከወጪ መደብ ወደ ፕሮግራም በጀት፦ መሥሪያ ቤቶች ቅርጹን ሲቀይሩ የሚከተሉት ዝርዝር መመሪያ

የፕሮግራም በጀት አዘጋጁ የተባሉ መሥሪያ ቤቶች በብዛት የሚወድቁት በአንድ መንገድ ነው። የነበሩትን የሥራ ክፍሎች ስም ወስደው «ፕሮግራም» የሚል ርዕስ ይሰጧቸዋል፤ ያለፈውን ዓመት ደመወዝ፣ ነዳጅና ውሎ አበል በግምት ያከፋፍሉላቸዋል፤ ሰነዱም ይጸድቃል። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲጠየቁ ግን የሂሳብ መዝገቡ አሁንም በወጪ መደብ ብቻ ስለተያዘ የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንዳወጣ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ይህ መመሪያ ትኩረቱን የሚያደርገው እዚያው ላይ ነው፦ በወጪ መደብ የተያዘውን በጀት ሳይጎድልና ሳይተርፍ ወደ ፕሮግራም የሚያሻግረውን ሠንጠረዥ እንዴት እንደምትሠሩ፣ ከዚያም በሂሳብ መዝገብ ውስጥ እንዴት እንደምታጸኑት።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ ምን እንደሚለወጥና ምን እንደማይለወጥ

ብዙዎች ላይን አይተም የሚሉት የወጪ መደብ በጀት «ገንዘቡ ምን ተገዛበት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ጥገና፣ ግንባታ እያለ ይዘረዝራል። የፕሮግራም በጀት የሚመልሰው «ገንዘቡ ለየትኛው ሥራ ዋለ፤ ሥራውስ ምን አስገኘ?» የሚለውን ነው።

ፕሮግራሙ መጣ ማለት የወጪ መደቡ ቀረ ማለት አይደለም። ደመወዝ ደመወዝ ሆኖ ይቀጥላል፤ የግዢና የክፍያ ቁጥጥሩም በመደቡ ይሠራል። የሚጨመረው ነገር እያንዳንዱ ወጪ ሁለት መለያ እንዲኖረው ነው፦ ምን እንደተገዛ የሚነግር የመደብ ኮድና ለምን ሥራ እንደተገዛ የሚነግር የፕሮግራም ኮድ። ይህን ያልተረዳ የሂሳብ ሠራተኛ አዲሱን ቅርጽ ቁጥጥር የሚያላላ አድርጎ ያየዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለሂሳብ ክፍሉ ይህንኑ አስረዱ።

ልዩነቱ በተግባር የት እንደሚታይ በምሳሌ እንመልከት። የገጠር ውሃ አገልግሎት የሚሰጥ፣ 120 ሠራተኞች ያሉትና ዓመታዊ በጀቱ 60 ሚሊዮን የሆነ መሥሪያ ቤት አስቡ። ከዚህ ውስጥ 4 ሚሊዮን ለነዳጅ፣ 6 ሚሊዮን ለጥገናና መለዋወጫ ተይዟል። የበጀት ጣሪያው በ1.5 ሚሊዮን ቀነሰ እንበል። በወጪ መደብ ሰነድ ላይ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ነዳጅ ላይ ነው፤ 4 ሚሊዮን የነበረው 2.5 ሚሊዮን ይሆናል፤ ከጠቅላላ በጀቱ የተነሳው 2.5 በመቶ ብቻ ስለሆነ ማንም አይደነግጥም። ነገር ግን ከነዳጁ ግማሹን የሚጠቀሙት የተበላሹ ፓምፖችን የሚጠግኑት ቡድኖች ናቸው። መኪናው ሲቆም የተገዛው መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ይቀመጣል፣ የባለሙያዎቹ ደመወዝም ያለ ሥራ ይከፈላል። በፕሮግራም በጀት ነዳጁ፣ መለዋወጫውና የባለሙያው ደመወዝ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ አንዱን የሚቀንስ ሰው በሌላው ላይ የሚያደርሰውን አብሮ ያያል። የቅርጽ ለውጡ የሚደከምለት ለዚህ ነው።

## ደረጃ 1፦ ሰነዶቹንና ሰዎቹን ሰብስቡ

የበጀት ጥሪ ከመድረሱ ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። የሚያስፈልጓችሁ ሰነዶች እነዚህ ናቸው፦

- መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመበት ሕግ፣ ማለትም ሥልጣንና ተግባሩን የሚዘረዝረው ክፍል
- ያለፈው ሙሉ በጀት ዓመት ትክክለኛ ወጪ በየወጪ መደቡ
- የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ የሥራ መደብና የሥራ ክፍል ጋር
- የተሽከርካሪዎች የጉዞ መመዝገቢያ
- በሥራ ላይ ያሉ የግንባታና የአገልግሎት ውሎች

ከጸደቀው በጀት ይልቅ በትክክል የወጣውን ተጠቀሙ። በዓመቱ ውስጥ የሚደረጉ ዝውውሮች የጸደቀውን ስለሚለውጡት፣ ሥራው የት እንደነበረ የሚያሳየው የወጣው ገንዘብ ነው።

ቡድኑ ውስጥ ከበጀትና ዕቅድ፣ ከሂሳብ፣ ከሰው ኃይልና ከእያንዳንዱ ዋና የሥራ ክፍል አንድ አንድ ሰው ይግባ። ሥራውን ለዕቅድ ክፍል ብቻ መተው አደገኛ ነው፤ ጥሩ ሰነድ ይወጣል፣ ነገር ግን ሂሳብ ክፍሉ ወጪ ሊመዘግብበት የማይችል ሰነድ ይሆናል።

## ደረጃ 2፦ ፕሮግራሞቹን ለዩ

የማቋቋሚያ ሕጉን አንብቡና መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ የሚሰጣቸውን ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ተመሳሳይ ተጠቃሚና ተመሳሳይ ግብ ያላቸውን አንድ ላይ አድርጉ። በምሳሌያችን መሥሪያ ቤት አራት ፕሮግራሞች ይወጣሉ፦

1. አዲስ የውሃ ተቋማት ግንባታ
2. የነባር ተቋማት ጥገናና አገልግሎት
3. የውሃ ጥራት ቁጥጥር
4. ሥራ አመራርና አስተዳደር

ለዚህ መጠን መሥሪያ ቤት ከሦስት እስከ አምስት ፕሮግራም ይበቃል። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ከሆነ በአብዛኛው የምትዘረዝሩት ፕሮግራም ሳይሆን ተግባር ነው፤ እያንዳንዱ ክፍያ በየትኛው እንደሚመዘገብ ለመወሰን የሚደረገው ክርክርም ሂሳብ ክፍሉን ያሰለቸዋል።

እያንዳንዱን ፕሮግራም በሁለት ጥያቄ ፈትኑት። አንደኛ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ ያለ ሰው የሚያገኘው ነገር ምንድን ነው? የተሽከርካሪ ሥምሪት ክፍል እዚህ ላይ ይወድቃል፤ የሚያገለግለው ሌሎቹን ፕሮግራሞች ነውና ወጪው ለእነሱ ይከፋፈላል እንጂ ራሱን ችሎ ፕሮግራም አይሆንም። ሁለተኛ፣ ስለ ውጤቱ የሚጠየቅ አንድ ኃላፊ አለ? ሁለት ኃላፊዎች እኩል የሚጠየቁበት ፕሮግራም ዓመቱ ሲያልቅ ማንም የማይጠየቅበት ይሆናል። አንድ የሥራ ክፍል ለሁለት ፕሮግራም ቢሠራ ግን ችግር የለውም፤ ወጪው ይከፈላል፣ ተጠያቂው ግን በየፕሮግራሙ አንድ ሰው ይሁን።

አራተኛው ፕሮግራም ከመጀመሪያው ፈተና ነፃ ነው። የበላይ አመራሩ፣ ፋይናንስ፣ ሰው ኃይልና የውስጥ ኦዲት እዚያ ይገባሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የመደበኛና የካፒታል በጀትን ለየብቻ ፕሮግራም አታድርጉ። አዲስ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ገንዘብና ቁፋሮውን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ ደመወዝ በአንድ ፕሮግራም ሥር መግባት አለባቸው። ሁለቱ ተለያይተው ከቀሩ ግንባታው ያለ ተቆጣጣሪ፣ የተጠናቀቀውም ተቋም ያለ ጥገና በጀት የሚቀርበት የቆየ ችግር ይቀጥላል።

## ደረጃ 3፦ ገንዘቡን ከመንካታችሁ በፊት ዓላማና መለኪያ ጻፉ

ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ዓረፍተ ነገር ዓላማና ሁለት ወይም ሦስት መለኪያ ይበቃል። «ሥልጠና መስጠት» ወይም «ቁጥጥርን ማጠናከር» ዓላማ አይደለም፤ በዓመቱ መጨረሻ ተሳካ ወይም አልተሳካም ለማለት የሚያስችል ነገር የለውም። ለሁለተኛው ፕሮግራም እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «የተበላሹ የውሃ ተቋማትን በፍጥነት ወደ አገልግሎት መመለስ»፤ መለኪያው ደግሞ «ብልሽት ከተነገረ በ7 ቀን ውስጥ የተጠገኑ ተቋማት ከመቶ»።

አሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ብልሽቱ የተነገረበት ቀን የት ይመዘገባል? የትም ካልተመዘገበ መለኪያው በዚህ ዓመት አይሠራም። መዝገቡን ዛሬ ክፈቱ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ግን «የተጠገኑ ተቋማት ብዛት» የሚለውን ተጠቀሙ። መረጃ የሌለው መለኪያ በሰነድ ላይ ከገባ፣ ሪፖርት ሲደርስ በግምት የሚሞላ ቁጥር ይወልዳል፤ የግምት ቁጥር አንዴ ከገባ ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት መነሻ ይሆንና ስህተቱ ይከተላችኋል።

## ደረጃ 4፦ የማሻገሪያ ሠንጠረዡን ሥሩ

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን በብዛት እዚህ አውሉ። በተመን ሉህ ላይ የወጪ መደቦቹን ወደታች፣ ፕሮግራሞቹን ወደ ጎን ጻፉ። ከዚያ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

### ሀ. በቀጥታ የሚታወቁትን አስቀድሙ

ግንባታ 18 ሚሊዮን ነው። ውሎቹን አንድ በአንድ ስታዩ 16 ሚሊዮኑ ለአዲስ ተቋማት፣ 2 ሚሊዮኑ ደግሞ ያረጁ መስመሮችን ለማደስ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛው የሚገባው ፕሮግራም 2 ውስጥ ነው። «ግንባታ ነው» ተብሎ ሁሉም ፕሮግራም 1 ላይ መጫኑ የተለመደ ስህተት ነው፤ ወጪው የሚመደበው በመደቡ ስም ሳይሆን በሚያገለግለው ዓላማ መሆኑን አትርሱ።

### ለ. ደመወዝን በሰው ክፈሉ

ደመወዝን በሠራተኛ ቁጥር ድርሻ አታካፍሉ። የመሐንዲስና የጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ እኩል ስላልሆነ ውጤቱ ይዛባል። የመክፈያ ዝርዝሩን ይዛችሁ በእያንዳንዱ ስም ፊት የፕሮግራም ቁጥር ጻፉ። አብዛኛው ሠራተኛ በአንድ ፕሮግራም ብቻ ይሠራል፤ በሁለት የሚሠሩትን በሥራ ጊዜያቸው ክፈሉ። ዓመታዊ ደመወዙ 240 ሺህ የሆነ መሐንዲስ 60 በመቶ ጊዜውን ለግንባታ፣ 40 በመቶውን ለጥገና የሚያውል ከሆነ 144 ሺው ለፕሮግራም 1፣ 96 ሺው ለፕሮግራም 2 ይሆናል።

ከ20 በመቶ በታች የሆነ ድርሻን ተዉትና ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ዋናው ሥራው ላይ አድርጉት። የአንድን ሠራተኛ ደመወዝ ለአራት ፕሮግራም መሰንጠቅ ትክክለኛነትን አይጨምርም፤ በየወሩ የደመወዝ ሂሳብ ምዝገባን ግን ያወሳስባል።

### ሐ. የጋራ ወጪዎችን በመነሻ አካፍሉ

ለእያንዳንዱ የጋራ ወጪ፣ ወጪውን በእርግጥ የሚያንቀሳቅሰውን ነገር ፈልጉ። ለነዳጅ የተነዳው ኪሎ ሜትር ነው። የጉዞ መዝገቡ በዓመቱ 200,000 ኪሎ ሜትር ካሳየና ከዚህ ውስጥ 60,000 ለግንባታ ክትትል፣ 100,000 ለጥገና፣ 30,000 ለናሙና ማሰባሰብ፣ 10,000 ለአስተዳደር ከሆነ ድርሻው 30፣ 50፣ 15 እና 5 በመቶ ነው። ከ4 ሚሊዮኑ 1.2፣ 2.0፣ 0.6 እና 0.2 ሚሊዮን ይደርሳቸዋል።

የጉዞ መዝገቡ የጉዞውን ምክንያት የማይጽፍ ከሆነ፣ የሦስት ወር የጉዞ ፈቃዶችን አውጥታችሁ ድርሻውን ከዚያ ገምቱ፤ የተገመተ መሆኑንም በሠንጠረዡ ላይ ጻፉ። ከዛሬ ጀምሮ ግን በፈቃዱ ላይ የፕሮግራም ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ጨምሩ።

### መ. የማይከፋፈለውን በግድ አታከፋፍሉ

ሁሉም የሚጋሩት የአንድ ሕንፃ ኪራይና መብራት ምሳሌ ነው። በወለል ስፋት ማካፈል ይቻላል፤ ነገር ግን የጥገና ኃላፊው ኪራዩን መቀነስም መጨመርም አይችልም። የፕሮግራም ኃላፊ ሊወስንበት የማይችለውን ወጪ ፕሮግራሙ ላይ ማሸከም ጥቅሙ ትንሽ ነውና ፕሮግራም 4 ላይ ይቆይ።

በዚህ መንገድ የተሞላው ሠንጠረዥ ይህን ይመስላል፤ ቁጥሮቹ በሚሊዮን ናቸው።

| የወጪ መደብ | ጠቅላላ | ፕሮ. 1 | ፕሮ. 2 | ፕሮ. 3 | ፕሮ. 4 |
|---|---|---|---|---|---|
| ደመወዝ | 24.0 | 6.0 | 9.0 | 3.0 | 6.0 |
| ውሎ አበል | 3.0 | 1.0 | 1.2 | 0.6 | 0.2 |
| ነዳጅ | 4.0 | 1.2 | 2.0 | 0.6 | 0.2 |
| ጥገናና መለዋወጫ | 6.0 | 0.3 | 5.0 | 0.4 | 0.3 |
| ሥልጠና | 2.0 | 0.2 | 1.2 | 0.4 | 0.2 |
| አላቂ ዕቃዎች | 1.0 | 0.1 | 0.2 | 0.3 | 0.4 |
| ኪራይና መብራት | 2.0 | 0 | 0 | 0 | 2.0 |
| ግንባታ | 18.0 | 16.0 | 2.0 | 0 | 0 |
| ድምር | 60.0 | 24.8 | 20.6 | 5.3 | 9.3 |

### ሠ. አስታርቁ

በእያንዳንዱ ረድፍ መጨረሻ ልዩነቱን የሚያሳይ ቀመር አስገቡ። ጠቅላላው በ`B`፣ አራቱ ፕሮግራሞች ከ`C` እስከ `F` ባሉት ዓምዶች ከተጻፉ፦

```
=ROUND(B2-SUM(C2:F2),2)
```

መልሱ በሁሉም ረድፍ 0 መሆን አለበት። የታችኛው የፕሮግራሞች ድምርም በትክክል 60.0 ይምጣ። ትንሽ ቁጥር ከተረፈ በአብዛኛው በመቶኛ ሲባዛ የተጠጋጋ ነው፤ ትርፉን በዚያ ረድፍ ትልቁን ድርሻ የያዘው ፕሮግራም ላይ አድርጉት። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ግን በማጠጋጋት አታመካኙ፤ አንድ ውል ሁለት ቦታ ተጽፎ ወይም አንድ ሠራተኛ ሳይመደብ ቀርቶ ይሆናል።

ከድምሩ ሌላ የፕሮግራም 4ን ድርሻ ተመልከቱ። እዚህ 9.3 ከ60፣ ማለትም 15.5 በመቶ ነው። አንድ ሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ፣ የት እንደሚመደብ ያልታወቀው ሁሉ እዚያ እየተጣለ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ወደ ለ እና ሐ ተመልሳችሁ ትላልቆቹን ረድፎች እንደገና አጣሩ።

## ደረጃ 5፦ ኮዱን ወደ ሂሳብ መዝገብ አስገቡ

ሠንጠረዡ የተመን ሉህ ላይ ብቻ ከቀረ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በሂሳብ ኮዱ ላይ የፕሮግራም ክፍል ይጨመር፤ ለምሳሌ `02-01-ነዳጅ` ቢባል 02 ጥገናና አገልግሎት፣ 01 በሥሩ ያለ ንዑስ ፕሮግራም፣ የመጨረሻው የነበረው የመደብ ኮድ ነው። የነባሮቹን መደቦች ኮድ አትቀይሩ። ሁለቱን ለውጦች በአንድ ዓመት ካደረጋችሁ ያለፈውን ዓመት ከዘንድሮው ማወዳደር አይቻልም።

የፕሮግራም ኮዱ የሚጻፈው ክፍያው ሲፈጸም ሳይሆን ጥያቄው ሲነሳ ነው። የግዢ መጠየቂያ፣ የውሎ አበል ጥያቄና የነዳጅ ኩፖን መጠየቂያ ላይ ቦታ ይኑረው፤ ጠያቂው ክፍል ይሙላው፣ ሂሳብ ክፍሉ ያጣራው፤ ኮድ የሌለው ጥያቄ ወደ ጠያቂው ይመለስ። ይህን ለሂሳብ ሠራተኛው ከተዋችሁት ምንነቱን የማያውቀውን ወጪ ቀሪ ሂሳብ ባለው ፕሮግራም ላይ ይመዘግባል፤ ጥፋቱም የሱ አይደለም።

የሂሳብ ሶፍትዌሩ ተጨማሪ ኮድ የማይቀበል ከሆነ ለጊዜው በየወሩ የሚታረቅ የጎን መዝገብ ያዙ። ወሩ በተዘጋ በ10 ቀን ውስጥ የጎን መዝገቡ ድምር ከዋናው መዝገብ ጋር እኩል ካልሆነ ወደሚቀጥለው ወር አትለፉ።

## ደረጃ 6፦ አንድ ዓመት ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዱ

በመጀመሪያው ዓመት የሚጸድቀው በጀት በወጪ መደብ ይቆይ፤ የፕሮግራም ሰነዱ አባሪ ይሁን። በየሩብ ዓመቱ ሁለቱንም ሪፖርት አውጡ። በሁለተኛው ዓመት ፕሮግራሙ ዋናው ይሆናል።

ከዚያ በፊት የዝውውር ደንቡን በጽሑፍ አስወስኑ። ለሚፈቅደው አካል የሚቀርበው ሐሳብ ይህን ቢመስል ይሠራል፦ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ በሥራ ማስኬጃ መደቦች መካከል፣ ለምሳሌ ከውሎ አበል ወደ ነዳጅ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይፍቀድ፤ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም፣ ወደ ደመወዝ፣ ወይም ከካፒታል ወደ መደበኛ የሚደረግ ዝውውር ከበላይ አካል ፈቃድ ይፈልግ። የፕሮግራም ኃላፊ ስለ ውጤት እየተጠየቀ ነዳጅ ሲያልቅበት ከውሎ አበሉ ማዛወር የማይችል ከሆነ ተጠያቂነቱ በስም ብቻ ይቀራል። በተቃራኒው ደመወዝና ካፒታል ካልታጠሩ፣ ዘንድሮ ከግንባታ ተነስቶ ለቅጥር የዋለ ገንዘብ ለሚቀጥሉት ዓመታት ሁሉ የሚከፈል ግዴታ ይሆናል።

## መሃል ላይ ሲበላሽ

አንዱ ፕሮግራም በግማሽ ዓመት በጀቱን ከጨረሰ ዝውውር ከመጠየቃችሁ በፊት 30 የሚያህሉ የክፍያ ሰነዶችን አውጥታችሁ ኮዳቸውን ከሥራው ጋር አመሳክሩ። በመጀመሪያው ዓመት ችግሩ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ምዝገባ ነው፤ ያ ከሆነ በማስተካከያ ምዝገባ ይታረማል፣ ዝውውር አያስፈልገውም።

የነዳጁ ድርሻ ከሠንጠረዡ በጣም ከራቀ፣ ለምሳሌ ለጥገና 50 በመቶ ተብሎ 70 በመቶ ከወጣ፣ የዓመቱን ሠንጠረዥ መሃል ላይ አትቀይሩ። ልዩነቱን ከነምክንያቱ መዝግቡና የሚቀጥለውን ዓመት ድርሻ ከእውነተኛው ምዝገባ ሥሩ።

መሥሪያ ቤቱ መዋቅሩን ከቀየረ ፕሮግራሞቹን አትንኩ። ሁለት ዳይሬክቶሬቶች ቢዋሃዱ የሚለወጠው ተጠያቂው ኃላፊና ለሁለት የተከፈለው ደመወዝ ነው። መዋቅር በተለወጠ ቁጥር የፕሮግራም ዝርዝሩ አብሮ የሚለወጥ ከሆነ ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁት የሥራ ክፍሎችን ስም ነበር፤ ከዚያ እንደገና ጀምሩ።